ነጩ መስመር ከጥቁሩ ጨርቅ ላይ እንዲሄድ

ነጭ ጨርቅ ላይ ጥልፍ መንደፍ ብዙ አያስቸግርም። ንድፉ ያለበትን ወረቀት ከሥር አድርጎ ሁለቱንም የመስኮት መስታወት ላይ መለጠፍ፣ ብርሃኑ የሚያሳየውን መስመር በስሱ በእርሳስ መከተል ነው። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጥጥ ላይ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። ብርሃን በጨርቁ ስለማያልፍ ከሥር ያለው ንድፍ አይታይም፤ የእርሳሱም መስመር በጥቁሩ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ነጭ ምልክት የግድ ነው። ነጭ ምልክት ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጠመኔም፣ የሳሙና ስባሪም፣ ነጭ እርሳስም፣ ነጭ ብዕርም አለ። ጭንቁ የሚመጣው ጥልፉ ካለቀ በኋላ ነው። በክሩ ዳር ዳር አመድ የመሰለ ጥላ ከቀረ፣ አዲሱ ቀሚስ ገና ሳይለበስ ያረጀ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚታለለው በእጥበቱ ሰዓት ነው። ጥቁር ጥጥ ሲርስ ይበልጥ ይጠቁራል፤ በላዩ ያለውም ነጭ ብናኝ ውኃ ስለሚጠጣ ንጣቱን ያጣል። ያጠበው ሰው ጨርቁን አንስቶ ሲያየው አንድም መስመር የለም። «ወጣልኝ» ብሎ ያሰጣዋል። ጨርቁ ሲደርቅ ግን መስመሩ እንደነበረ ተመልሶ ይታያል፤ መጀመሪያውንም ከቦታው አልተነሣምና። ስለዚህ ምልክት ጠፋ ወይስ አልጠፋም የሚለው የሚፈረደው ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው። ያኔ ጨርቁን መስኮት አጠገብ ይዞ፣ ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን እንዲመታው አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ፊት ለፊት የማይታይ ጥላ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይጋለጣል።

እኔ ማንኛውንም መንደፊያ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ምልክቱ ከጨርቁ ላይ ሄደ ወይስ እዚያው ተደበቀ? በብዙ ሱቅ «የሚጠፋ» ተብለው ከሚሸጡት መካከል አንዳንዶቹ የሚደበቁ ናቸው። ጉልሁ ምሳሌ በሙቀት የሚጠፋው ብዕር ነው። ይህ ብዕር በመጀመሪያ ለወረቀት የተሠራ ሲሆን፣ ስፌት የሚሠሩ ሰዎች በካውያ አንድ ጊዜ ሲነካ መስመሩ እልም ማለቱን አይተው ወደ ጨርቅ አመጡት። ቀለሙ ያለው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ነው። በእንክብሉ ውስጥ ቀለም የሚሰጠው ነገር፣ ቀለሙን የሚያወጣው ሁለተኛ ነገር፣ እነዚህን ደግሞ የሚያለያይ ሦስተኛ ነገር አብረው አሉ። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስና ሲያልፍ ሦስተኛው ነገር ይቀልጥና ሁለቱን ይለያያቸዋል፤ ቀለሙም አይታይም። እንክብሎቹ ግን የትም አልሄዱም፤ ጨርቁ ላይ ተቀምጠዋል። በነጭ ጨርቅ ላይ ይህ ላያስታውቅ ይችላል። በጥቁር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ካውያው ባለፈበት ቦታ የገረጣ መስመር ይቀራል፤ ያ መስመር ቀለም ያጡት እንክብሎች ራሳቸው ናቸው።

ሌላም ችግር አለ። ይኸው ቀለም በኃይለኛ ቅዝቃዜ ተመልሶ ይመጣል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መመለስ ይጀምራል፤ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን ደግሞ በደንብ ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚለበስ ልብስ ይህ የሚያሳስብ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን እዚህ የሚጠለፈው ልብስ ሁሉ እዚህ አይለበስም። ሚኒሶታ ወይም ካናዳ ላሉ ዘመዶች የተላከ ቀሚስ በክረምቱ ወር መኪና ውስጥ ቢያድር፣ ጠፍቷል የተባለው ንድፍ ባለቤቱ ሳትጠብቀው ሊወጣ ይችላል። ይህን ብዕር ልግዛ ለሚል ሰው ፍተናው ቀላል ነው። ቁራጭ ጨርቅ ላይ አስምሮ፣ በካውያ አጥፍቶ፣ አንድ ሌሊት በፍሪዘር ማሳደር ነው።

ሰም ያለባቸው መንደፊያዎችም ለጥጥ አይሆኑም ብዬ አምናለሁ። አንዳንድ ነጭ እርሳሶችና አንዳንድ የካርቦን ወረቀቶች መስመራቸው ደምቆ የሚወጣው ሰም ስላለባቸው ነው። ሰሙ በካውያ ሲቀልጥ ወደ ክሩ ይሰርጋል፤ ነጩን ቀለምም ይዞት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ አይነካውም። መለየቱ አይከብድም። በጥፍር ሲፋቅ ጠመኔ ይበናል፣ ሰም ይድቦለቦላል። በካርቦን ዓይነት የተሠራ ወረቀት ከሆነም ሰም የሌለበት ነጭ የሚባል ዓይነት አለ፤ እሱ ከጠመኔ ጋር የሚቀራረብ ነው።

እነዚህን ካስወገድን ከጨርቁ ላይ እውነት የሚሄዱት ሦስት ናቸው፤ የሚራገፍ ብናኝ፣ የሚመዘዝ ክርና በውኃ የሚሟሟ ስስ ሽፋን። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማምነው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጣምሮ መሥራትን ነው፤ መሣሪያው ሁሉ ቤት ውስጥ ይገኛልና። ብናኙ የሚተላለፈው በተወጋ ወረቀት ነው፤ ንድፉ በመርፌ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይበሳል፣ በቀዳዳዎቹም ዱቄት ይነፋል። ዘዴው በጣም የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው የሙያ መጽሐፍ ላይ የጨርቅ ጌጥን በተወጋ ወረቀት ስለማሳለፍ ሲያስረዳ፣ ለነጭ የከሰል ዱቄት፣ ለጥቁር ደግሞ ነጭ የእርሳስ ማዕድን ቀለም በትንሽ ጨርቅ ተቋጥሮ ይነፋ ይላል። የእርሳስ ማዕድን መርዝ ስለሆነ ዛሬ ቦታውን ጠመኔ ወስዷል፤ የቀረው አሠራር ግን ያው ነው። በ1872 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የንጉሣዊ የጥልፍ ትምህርት ቤትም እስከ ዛሬ ያስተምረዋል።

አሠራሩን በአንድ ሥራ ላይ እንየው። ጥቁር የጥጥ ፖፕሊን ቀሚስ አለ እንበል፤ ደረቱ ላይ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የመስቀል ጥልፍ ሊሠራበት ነው። ቀሚሱ ገና አልተሰፋም፤ የደረቱ ጨርቅ ለብቻው አለ፣ በዙሪያውም ለመያዣ የሚሆን ትርፍ ተትቶለታል።

በመጀመሪያ ጨርቁ ይታጠባል። ይህን መዝለል አይገባም፤ ምክንያቱም ሦስት ነው። አዲስ ጥጥ ይሸበሸባል፤ ከጥልፉ በኋላ ቢሸበሸብ መስቀሉ ይጣመማል። ጥቁር ቀለም ትርፉን ይለቃል፤ ከጥልፉ በኋላ ቢለቅ ነጩን ክር ያቆሽሸዋል። ፋብሪካው የቀባው ስታርችም አለ፤ ይህ ደግሞ ብናኙን አጣብቆ ይይዛል። ጨርቁ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በደንብ ከተተኮሰ በኋላ መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በነጣ ያለ ክር ልል ስፌት ይሰፋበታል። ንድፉ የሚስተካከለው በዚህ ክር ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይዘጋጃል። ስስና ጠንካራ የሆነ፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ወረቀት ይሻላል። መስቀል ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ግማሹን ብቻ መሣል በቂ ነው። ወረቀቱ በመሀል መስመሩ ላይ ይታጠፍና ሁለቱ ድርብ አንድ ላይ ይበሳሉ፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ወገን ልክ ለልክ ይሆናሉ። በእጅ ከመሣል ይልቅ ይህ የበለጠ ትክክል ነው። ለመውጋት ወረቀቱ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ይቀመጣል። ቀጭን መርፌ ያስፈልጋል፤ ጣት እንዳይታመም የመርፌውን ጆሮ በወይን ጠርሙስ ቡሽ ላይ መሰካት ጥሩ ነው። መርፌው ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ ካዘመመ በሁለቱ ድርብ ላይ ያለው ቀዳዳ ይለያያል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል 2 ሚሊሜትር ይበቃል፤ መስመሩ በሚታጠፍበትና ሹል በሚሆንበት ቦታ ግን ወደ 1 መጠጋት አለበት። ሰፋ ያለ እንደሆነ ነጥቦቹ ሲነበቡ ማዕዘኑ ክብ ይሆናል።

የተወጋው ወረቀት በጀርባው ሲዳሰስ ይሻክራል፤ መርፌው ወረቀቱን ገፍቶ ያወጣው ከንፈር ነው። ያ ከንፈር ተመልሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ስለዚህ ጀርባው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይታሻል። ብዙዎች ይህን ስለሚረሱት ብናኙ አላልፍ ሲል ዱቄት ይጨምራሉ፤ ዱቄት ሲጨምሩ ጨርቁ ይጨማለቃል። ወረቀቱ ወደ መስኮት ተይዞ ሲታይ ሁሉም ቀዳዳ እንደ ብርሃን ነጥብ ከታየ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ብናኙ ነጭ ጠመኔ ተፈጭቶ በነጠላ ቁራጭ የተነፋ ይሁን። ባለ ቀለም ጠመኔ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ጥጥን የሚያቀልም ሊሆን ይችላል። ለመነፊያ የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል። የጥቅሉ ጫፍ ዱቄቱን ይነካና ትርፉ ሌላ ወረቀት ላይ ይራገፋል። ወረቀቱ በመሀል ክሩ ላይ ተስተካክሎ በዳር በዳሩ በስፒል ከተያዘ በኋላ ጥቅሉ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ በቀዳዳዎቹ ላይ ይሄዳል። መጫን የለበትም። ተጭኖ የተነፋ ዱቄት በድርና ማጉ መካከል ይሰካል፤ በስሱ የተነፋው ግን ላይ ይቀመጣል፤ በኋላ የሚራገፈውም ላይ ያለው ነው። ስፒሎቹ ሳይነቀሉ አንዱ ጥግ ብቻ ተነሥቶ ይታያል። ነጥቦቹ ለየብቻ ከታዩ በቂ ነው፤ ካልታዩ ጥጉ ተመልሶ ይደገማል። ወረቀቱ ሲነሣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣ፤ ከተጎተተ ንድፉ ይዳመጣል።

አሁን ጨርቁ ላይ የነጥብ መስቀል አለ። ይህ መስቀል ዕድሜው አጭር ነው፤ እጅ ሲነካው፣ ወጥሮ የሚይዘው ክብ ሲገባበት፣ ጨርቁ ሲታጠፍ ይራገፋል። የመራገፉ ነገር በኋላ የምንፈልገው ነው፤ አሁን ግን ሥራው ገና ነው። የቀደሙት ባለሙያዎች ነጥቦቹን በቀለም ያገናኙዋቸው ነበር፤ ጥልፉ ቀለሙን ስለሚሸፍነው አይጨነቁም። ጥልፉ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነ ግን ይህ ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ነጥቦቹን በክር ማያያዝ ይሻላል። ቀጭን መርፌና ልሙጥ፣ ነጣ ያለ የፖሊስተር ክር ይያዝና በነጥቦቹ ላይ ግማሽ ሴንቲሜትር የሚሆን ስፌት እየተደረገ ይታለፋል፤ ማዕዘን ላይ አጠር ይላል። የጥጥ ክር ለዚህ አይመረጥም፤ ሲመዘዝ ነጭ ብጥስጣሽ ጥቁሩ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ልሙጡ ግን ተንሸራትቶ ይወጣል። ለ24 ሴንቲሜትር መስቀል ይህ ስፌት ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ሥራውን የሚያበዛ የሚመስለውም ይኖራል። እኔ ግን ጥልፉ ሳምንታት የሚወስድ ከሆነ ይህን ጊዜ አልነፍግም። በክር የተነደፈ ንድፍ እጅ ሲነካው አይጠፋም፣ ካውያ ሲነካው አይጋገርም፣ ልብሱ ቢቀዘቅዝም አይመለስም፤ የሚሄደው ሲመዘዝ ብቻ ነው።

ክሩ ሲያልቅ ነጥቦቹ ወዲያው ይራገፋሉ። ጨርቁ ይገለበጥና ከጀርባው በጣት ይመታል፤ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ በድሩ አቅጣጫ ይታለፍበታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ደረቅ እንዳለ ነው። ጠመኔ በውኃ አይሟሟም፤ ውኃ የሚያደርገው ከቦታ ወደ ቦታ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ብናኙ ሳይራገፍ ጨርቁ ከረጠበና ከታሸ፣ ላይ የነበረው ዱቄት ወደ ድርና ማጉ ይገባል። ፖፕሊን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይቅርታ ያደርጋል። በእጅ የተሸመነ ጥቁር ሸማ ግን ድሩና ማጉ ላላ ይላል፤ ብናኙም ጠልቆ ይቀመጣል። ለእሱ ዱቄቱን በግማሽ መቀነስ፣ ወይም ብናኙን ጨርሶ ትቶ በስስ ወረቀት ላይ መስፋት ይሻላል። ንድፉ የተሣለበት ስስ ወረቀት ጨርቁ ላይ ይሰካል፤ በወረቀቱም በጨርቁም ላይ ልሉ ስፌት ይሰፋል፤ ወረቀቱ ተቀዶ ይነሣል፤ የሚቀረው ክሩ ብቻ ነው። መስመሩ በብዕር ወይም በሚያራግፍ እርሳስ ከተሣለ ክሩ ቀለሙን እየጎተተ ስለሚያልፍ፣ ጠንካራ እርሳስ ይመረጣል።

ጥልፉ ሲሠራ የንድፉ ክር እየተቀደመ ይመዘዛል። መርፌው ወደሚደርስበት ቦታ ሲቃረብ ጥቂት ሴንቲሜትር ተቆርጦ ይወጣል። ሁሉን በመጨረሻ እመዛለሁ ያለ ሰው የጥልፉን ክር ከንድፉ ክር ጋር ይወጋና ሁለቱ ይጣበቃሉ፤ በኃይል ሲሳብ የጥልፉ ስፌት ይላላል። ይህ ከደረሰ ከመሳብ ይልቅ በወስፌ ጫፍ አንሥቶ ከሁለቱም በኩል ጥግ ድረስ መቁረጥ ነው፤ ከጥልፉ ሥር የቀረችው ቁራጭ አትታይም።

ሥራው ሲጠናቀቅ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፤ ሳይታሽ እየተጨመቀ ብቻ፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። ጥላ ላይ ይደርቃል። ደርቆ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሳይታይ ካውያ አይነካውም። አንዳች ጥላ ከቀረ እንደገና በደረቁ መቦረሽ ነው፤ ማጣበቂያ ፕላስተር በስሱ እያስነኩ ማንሣትም ለቀሩት ነጥቦች ይረዳል። ጥላው ከጠፋ ብቻ በፎጣ ላይ ተገልብጦ ከጀርባው ይተኮሳል። ካውያውን ማስቀደም ቁርጠኛ ስህተት ነው፤ ሳሙና ወይም ሰም ያለበት ማንኛውም ቅሪት በሙቀት ይሰርጋል።

የተወጋው ወረቀት አይጣልም። ብናኙ ተራግፎ በደብተር መካከል ተዘርግቶ ቢቀመጥ ያንኑ መስቀል ለነጠላው ጫፍ ወይም ለሌላ ቀሚስ ያገለግላል።

ብናኝና ክር የማይበቁበት ሥራም አለ። ፊደል ሲሆን ለምሳሌ፤ በአንገት ዙሪያ ቁመቱ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ስም ይጻፍ ቢባል፣ የ«ኟ»ን ወይም የ«ጯ»ን እግር በነጥብ ማሳለፍም ሆነ በግማሽ ሴንቲሜትር ስፌት መከተል አይቻልም። ለዚህ የሚሆነው በውኃ የሚሟሟው ሽፋን ነው። ነጭ ሆኖ አንድ ጎኑ የሚጣበቅ፣ ከጨርቅና ከወረቀት መካከል ያለ ዓይነት ነው፤ የሚሠራውም ፖሊቪኒል አልኮል ከሚባል በውኃ ከሚሟሟ ነገር ነው። ጽሑፉ በእሱ ላይ ይጻፋል ወይም ይታተማል፣ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል፣ በሽፋኑም በጨርቁም ላይ አንድ ላይ ይጠለፋል። ጨርቁ ጥቁር መሆኑ እዚህ ላይ ምንም ችግር የለውም፤ መስመሩ ነጭ ላይ ነው ያለው። ማጣበቂያው መርፌውን ያጣብቀዋል፤ በየጊዜው በአልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

እዚህም ሄደ ወይስ ተደበቀ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ሽፋኑ ወዲያው ሲረጥብ ያሳልፋል፤ ዓይን ጠፋ ይላል፣ ነገር ግን ከክሩ መካከል እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ውኃው ይቀየር፣ በጣት ጫፍ ይዳሰስ። የሚያንሸራትት ከሆነ አልወጣም። ሲደርቅ ጥልፉ እንደ ካርቶን ድርቅ ካለ ደግሞ ተመልሶ መነከር አለበት፤ ከደረቀም በኋላ እንደገና ይሟሟል።

ይህ ዘዴ ጥልፉን ረጅም ጊዜ ውኃ ውስጥ ስለሚያቆየው፣ ክሩ ቀለም የማይለቅ መሆኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከቀዩም፣ ከጥቁሩም፣ ከእያንዳንዱ ደማቅ ክር አንድ አንድ ቁራጭ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ በነጭ ጨርቅ መካከል ተጭኖ ይደር። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ፣ ያ ክር ከመጠለፉ በፊት ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ መታጠብ፣ ካልጠራም በሌላ መተካት አለበት።